ተምሳሌታዊ ተረት ምንድን ነው? ሰምና ወርቅስ ነው?

ሰሞኑን ድሬዳዋ፣ ከዚራ ዛፍ ጥላ ሥር ቡና እየጠጣን አንድ ወጣት የጆርጅ ኦርዌልን የእንስሳት ተረት፣ «አኒማል ፋርም»ን አነሳ። እንስሳት ጌታቸውን አባርረው እርሻውን ከያዙ በኋላ አሳማዎች ገዢ የሚሆኑበት ተረት ነው። «ይሄ እኮ ሰምና ወርቅ ነው። አሳማው ስታሊን ነው፣ አለቀ!» አለ። ከዚያ ወደ እኛ አገር አመጣውና ለየእንስሳው የባለሥልጣን ስም ያድል ጀመር። ስንት ጊዜ ሰማሁት መሰላችሁ! ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር እንደዚህ የሚያንገበግበኝ ነገር የለም።

ሰምና ወርቅ የሚቀመጠው ቃል ላይ ነው። ኅብረ ቃሉን ካገኛችሁት ሰሙ ይቀልጣል፣ ወርቁ ይወጣል። (የቅኔ ሰዎች እንዳይቀየሙኝ፣ ቅኔ ከሰምና ወርቅ ሌላም ብዙ መንገድ አለው።) ተምሳሌታዊ ተረት የሚቀመጠው ግን ድርጊት ላይ ነው። ማን በማን ላይ ምን አደረገ? ከዚያስ ምን ተለወጠ? ሰሙን ካቀለጣችሁት የምታነቡት ነገር አይኖርም።

እንስሳው ብቻውን ምንም አይነግራችሁም። ጅብን ውሰዱ። «ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ» ስንል ጅቡ ጠባዩን ደብቆ እንግዳ ቦታ የሚከበር ሆዳም ነው። ሐረር ደግሞ ማታ ሂዱ። ከጀጎል ውጭ ሰውየው ሥጋ በእንጨት ሰክቶ፣ እንጨቱን በጥርሱ ነክሶ ለጅቡ ያቀብለዋል። ግንቡም ጅብ የሚሾልክበት ቀዳዳ አለው። በአሹራ ገንፎ ይቀርብለትና ከአበላሉ የዓመቱ ዕድል ይነበባል። ስለዚህ አንድ የሐረር ጸሐፊ ጅብን በር አሾልኮ ቢያስገባ «ይሄ ሙሰኛው ሹም ነው» ብላችሁ አትቸኩሉ። ጅቡ ገብቶ የሚያደርገውን ጠብቁ።

ስሙን ለሚፈልጉ ሰዎች የምነግራቸው ምሳሌ ባጃጅ ነው። ከከዚራ ሳቢያን የምትሄድ ባጃጅ ሾፌሯ ዛሬ አንዱ፣ ነገ ሌላው ሊሆን ይችላል። መስመሩ ግን ያው ነው። ገጸ ባሕርይም እንደዚያ መስመር ነው። ስኩዊለር የተባለውን ምላሰኛ አሳማ እዩት። አሳማዎቹ ወተቱንና ፖሙን ለብቻቸው ሲወስዱ መጥቶ «የምንበላው ለእናንተው ብለን ነው» ይላል። እንስሳቱ ሲያጉረመርሙ «ጆንስ ተመልሶ እንዲመጣ ትፈልጋላችሁ?» ብሎ ያስፈራራቸዋል። ጆንስ ያባረሩት የድሮው ጌታ ነው። መስመሩ ከዝርፊያ ይነሳል፣ በፍርሃት በኩል ያልፋል፣ ዝምታ ላይ ያወርዳል። ሂሳቡን የሚከፍለው ተሳፋሪው ነው። ሾፌሩ ማን ነው ካላችሁ አንዳንዱ የአንድ ባለሥልጣን፣ አንዳንዱ የአንድ ጋዜጣ ስም ይጠራል። መስመሩ ላይ ግን ክርክር የለም።

ሾፌሩ ጭምር የሚታወቅበት ጊዜ መኖሩን አልክድም። በውሾች ተባርሮ ከእርሻው የወጣው፣ ከዚያ ወዲያ ለተበላሸው ነገር ሁሉ ስሙ የሚነሳው ስኖውቦል የስታሊን ተቀናቃኝ የነበረው ትሮትስኪ ነው። ትሮትስኪ ከሶቪየት ኅብረት የተባረረው እ.ኤ.አ. በ1929 ነው። ያኔም ቢሆን የለየነው አሳማ በመሆኑ ሳይሆን በደረሰበት ነገር ነው።

ወጣቱ «እሺ፣ ሌኒን የቱ ነው?» አለኝ። ጥሩ ጥያቄ ነው፤ ምክንያቱም ለሌኒን ብቻ የተሰጠ እንስሳ የለም። ሽማግሌው አሳማ ሜጀር ሕልሙን ተናግሮ አብዮቱ ሳይነሳ ይሞታል። በዚህ ማርክስን ይመስላል። ቆይቶ ግን የራስ ቅሉ ተቆፍሮ ወጥቶ እንስሳቱ በፊቱ በአክብሮት እንዲያልፉ ይደረጋል። ይሄ በቀይ አደባባይ ያለው የሌኒን አስከሬን ነው። አንድ አሳማ ሁለት ሰው ይዟል። ስም በስም የሚያዛምድ አንባቢ እዚህ ጋ ግራ ይገባዋል።

ኦርዌል ራሱ ድርጊትን በድርጊት ይመዝን እንደነበር የምናውቅበት ቦታ አለ። ጠላት የንፋስ ወፍጮውን በፈንጂ ሲያፈርስ እንስሳቱ በግንባራቸው ይደፋሉ። በመጀመሪያው ጽሑፍ ስታሊንን የሚወክለው መሪው አሳማ ናፖሊዮንም አብሯቸው ይደፋ ነበር። መጽሐፉ እ.ኤ.አ. በ1945 ሊታተም ወራት ሲቀሩት ኦርዌል ለአሳታሚው ጻፈና «ከናፖሊዮን በቀር ሁሉም» ተብሎ እንዲታረም አደረገ። ምክንያቱ ጀርመኖች ወደ ሞስኮ ሲገሰግሱ ስታሊን ከተማዋን ለቆ አለመሄዱ ነው። ለሚጠላው ሰው እንኳ ያልሠራውን አልጫነበትም።

ቡናው ሊያልቅ ሲል ወጣቱ ስለ ቦክሰር ጠየቀኝ። ቦክሰር «ከዚህ በላይ እሠራለሁ» እያለ የንፋስ ወፍጮውን ድንጋይ የጎተተው ፈረስ ነው። ጉልበቱ ሲያልቅ ሐኪም ቤት ትሄዳለህ ተብሎ ለአራጅ ተሸጠ። አሳማዎቹ በገንዘቡ ውስኪ ገዙበት። ወጣቱ ለዚህ ፈረስ የሚሆን ስም ትንሽ ፈለገ፣ ከዚያ ተወው።