የጥየቃ ስጦታ በወሎ፦ ሩብ ኪሎ ቡና በሙዳይ

በወሎ አራስ ወይም ታማሚ ሊጠይቅ፣ ወይም አዲስ ቤት የገባን ሰው «እንኳን ደስ ያለህ» ሊል የሚሄድ ሰው ባዶ እጁን አይሄድም። የሚወሰደው ነገር እንደ አቅም ይለያያል። ዳቦ፣ ስኳር፣ ሳሙና፣ ማር፣ እንቁላል ይወሰዳል። ይህ ጽሑፍ የሚያተኩረው በጥሬ ቡና ላይ ነው። ምክንያቱም ሩብ ኪሎ ቡና ማንም ሊያገኘው የሚችል ተራ ነገር ሲሆን፣ ክብር የሚያገኘው በአለቃቀሙ፣ በአቀራረቡና በአሰጣጡ ብቻ ነው። የወሎ ሴቶች በዚህ ያላቸው ጥንቃቄ ለመመዝገብ የሚበቃ ነው።

ታሪክ

ስለዚህ ስጦታ የቀድሞ ዘመን እዚህ ማለት የሚቻለው ጥቂት ነው፤ የሚታወቀው የአካባቢው ንግድ ነው። የባቲ የሰኞ ገበያ የአፋር ጨውና ከብት ከደጋው እህል ጋር የሚገናኙበት ነው፤ ደሴም በጣሊያን ወረራ ዘመን (1928–1933 ዓ.ም.) ከተሠሩት መንገዶች ወዲህ የንግድ መጋጠሚያነቷ ጨምሯል። የሚያብረቀርቅ የስጦታ ወረቀት በከተማ ሱቆች ዛሬ ይሸጣል። ለሠርግና ለልደት ይሆናል፤ ለጥየቃ ግን ብዙ አይታይም።

ለምን ቡና?

በወሎ ሙስሊምና ክርስቲያን በአንድ ሰፈር፣ ብዙ ጊዜም በአንድ ቤተሰብ ውስጥ ይኖራሉ። አንዱ የሌላውን እርድ ስለማይበላ የበሰለ ሥጋ ወደ ሌላው ቤት አይላክም። ጠላ ለሙስሊም ጎረቤት አይሄድም። ቅቤና እንቁላልም የኦርቶዶክስ ቤት በጾም ላይ ከሆነ ዕለቱን አይነኩም፣ ረቡዕና ዓርብ ጭምር። ጥሬ ቡና ይህን ሁሉ ያልፋል። ተልኮ ቤት ከደረሰም ለሰጪው፣ ለተቀባዩና ለጎረቤቱ በአንድ ጀበና ይፈላል።

ጥሬ የሚሰጠው በሁለት ምክንያት ነው። የተቆላ ወይም የተፈጨ ቡና ሽታው በቀናት ውስጥ ይደክማል፤ ጥሬው ግን በደረቅ ቦታ ከተቀመጠ ወራት ይቆያል። ሁለተኛው፣ መቁላቱ የተቀባዩ ቤት ሥራ ስለሚሆን የሚወጣው ጭስ የሰጪዋ ስጦታ ሆኖ ለተቀመጡት ሁሉ ይዳረሳል። የተፈጨ ቡና የሚሰጥ ሰው ይህን ጭስ ከስጦታው ቀንሷል ማለት ነው።

ዝግጅት

መጀመሪያ ይለቀማል። ቡናው በሰፌድ ላይ ይዘረጋና ጠጠሩ፣ ገለባው፣ የጠቆረውና የተሰበረው ፍሬ ይወጣል። ከገበያ የመጣ ሩብ ኪሎ ከለቀማ በኋላ ትንሽ መቅለሉ ስለማይቀር፣ ብልህ ሴት ከቤቷ አንድ ጭብጥ ትጨምርበታለች። ውሃ አይነካም። ለማሳመር ብሎ ማጠብ ትልቁ ስህተት ነው፤ ካልደረቀ ይሻግታል፣ ተቀባዩም ሽታውን ያውቀዋል።

ቀጥሎ መያዣው ይመረጣል። በጣም የሚከበረው ሙዳይ ነው፤ ከስንደዶና ከአክርማ በወስፌ የሚሰፋ፣ በአለላ ጥለት የሚያምር፣ ክዳን ያለው ትንሽ ስፌት። የራሷ የሌላት ከጎረቤት ትዋሳለች፣ ይህም ነውር አይደለም። ሙዳዩ ግን መሽተት የለበትም። ቡና ሽታ ይስባል። በርበሬ ወይም ቅቤ የነበረበት ሙዳይ ቡናውን ያበላሻል። ስለዚህ ቀድሞ ፀሐይ ላይ ተከፍቶ ይውልና በታጠበ ነጭ ነጠላ ቁራጭ ውስጡ ይሸፈናል።

ከቡናው ጋር ሌላ ነገር የሚጨምሩ አሉ፤ ብዙ ጊዜ እጣን፣ አንዳንዴም ሳሙና። እዚህ ላይ ብዙዎች ይሳሳታሉ። ሳሙና ከቡና ጋር አንድ ሙዳይ ውስጥ ካደረ ቡናው ሲቆላ ይገለጣል፤ አቦሉ የሳሙና ይሆናል። ተቀባይዋ ትጠጣዋለች፣ ግን ትረሳዋለች ማለት አይደለም። ሳሙናው ለብቻው በሌላ እጅ ይሂድ። እጣኑም በትንሽ ጨርቅ ጫፍ ታስሮ ከክዳኑ በላይ ይቀመጣል፣ ከቡናው ጋር አይቀላቀልም። ጤና አዳም የሚጨምሩ ሰዎች ቅጠሉ እርጥብ ስለሆነ ከቤት ሲወጡ ብቻ ይሰኩታል።

አንድ ምሳሌ

በደሴ አንዲት ሙስሊም ጎረቤቷን፣ ክርስቲያን አራስን፣ ልትጠይቅ ትሄዳለች እንበል። ክርስትና ለወንድ ልጅ በ40፣ ለሴት በ80 ቀን ስለሆነ፣ ከዚያ በፊት የሚደረገው ጥየቃ ትንሽና የሴቶች ነው። ቡናዋን በዋዜማው ትለቅማለች። ሙዳዩን ጠዋት ታለብሳለች፣ እጣኑን ታስራለች፣ ክዳኑን በነጠላው ጫፎች ትጠመጥማለች። ቋጠሮው በአንድ እጅ የሚፈታ መሆን አለበት፤ አራሷ ሕፃን ታቅፋ ይሆናል።

ስትገባ «እንኳን ማረሽ» ትላለች። ሙዳዩን የምትሰጠው ለአራሷ ሳይሆን፣ ቤት ውስጥ ካሉ ለእናቷ ወይም ለአማቷ ነው። ታላቅ ባለበት ታላቅን ማለፍ አይገባም። በሁለት እጅ ወይም ቀኝ ክንዷን በግራ እጇ ደግፋ፣ ትንሽ ጎንበስ ብላ ትሰጣለች፤ ተቀባይዋም በሁለት እጅ ትቀበላለች። ሰጪዋ ብዙ አትናገርም። «ትንሽ ናት፣ ለአንድ ጀበና» ካለች በቂ ነው። ዋጋ አይጠራም።

ሙዳዩ እንደተሰጠ ወዲያው በሰጪዋ ፊት አይከፈትም፤ ይህ ከወሎ ውጭ በሌላውም የአማርኛ ተናጋሪ አካባቢ የተለመደ ነው። ስለዚህ ከመከፈቱ በፊት የሚታየውና የሚሸተው ሁሉ፣ ማለትም የታጠበው ነጠላ፣ ጥለቱ፣ የእጣኑ ሽታ፣ ስጦታውን ይናገራል። በፌስታል የመጣ ያው ቡና ይህ ሁሉ የለውም፤ ከሌሎች ፌስታሎች ጋር ጥግ ላይ ይቀመጣል።

ከዚያ ምርቃት ይመጣል። ወሎ በምርቃቱ የሚታወቅ አገር ነው፤ እዚህ ግን ሳይጋነን፣ የስጦታው ግማሽ ይህ ነው ማለት ይቻላል። የቤቱ ታላቅ «አላህ ያብዛልሽ» ወይም «እግዜር ይስጥልን» ይላሉ። የተቀመጡት አሜን ወይም አሚን ይላሉ፣ በአንድ ቤት ሁለቱም ይሰማል። ሰጪዋ በምርቃቱ መካከል አትነሳም።

የሚለያዩበት ነጥብ

ስጦታው ሲገባ ነው የሚሰጠው ወይስ ሲወጣ? በዚህ ላይ ሴቶቹ አይስማሙም። ሲገባ መስጠት ቡናው እዚያው እንዲቆላና ለሁሉም እንዲታይ ያደርጋል። ሲወጣ መስጠት ደግሞ ቤተሰቡን ከመልስ ጭንቀት ያሳርፋል ይባላል፣ በተለይ ድሃ ቤት ከሆነ። ሁለተኛው ልማድ የከተማ ነው የሚሉ አሉ፤ የትኛው እንደሚቀድም ግን ከመሟገት ይልቅ የቤቱን ሁኔታ ማየት ይሻላል። በአቦል ሰዓት የደረሰች ወዲያው ትስጥ፤ ቡናው ወደ በረካ ከደረሰ በኋላ የደረሰች ግን ስትወጣ ብትሰጥ ቤቱን አታስቸግርም።

ሙዳዩ ሲመለስ

ሙዳይ የተዋሰችው ሴት ለሙዳዩ ባለቤት፣ ተቀባይዋም ለሰጪዋ ትመልሳለች። በብዙ ቤት ባዶውን አይመለስም። ጭብጥ ቆሎ፣ ቁራሽ ዳቦ ወይም ትንሽ ስኳር ይገባበታል። ውስጡ ያለው ጨርቅ ግን ታጥቦ ይመለሳል፤ በዚህ የማትጠነቀቅ ሴት ሁለተኛ ሙዳይ ስትጠይቅ «ስፌታችን ሰው ቤት ነው» ልትባል ትችላለች። የአንዳንድ ቤት መልስ እስከ ሁለትና ሦስት ሳምንት ይዘገያል፤ ባለሙዳይዋ ከዚያ በፊት አትጠይቅም፤ አትልክምም።