ሬሲ ሰንጠረዥ በሆስፒታል ሶፍትዌር ትግበራ፦ የተደራረበ ተጠያቂነት እንዴት ይፈታል

ሬሲ ሰንጠረዥ በአንድ ፕሮጀክት ውስጥ የትኛው ተግባር የማን እንደሆነ የሚያሳይ የኃላፊነት ድልድል ሲሆን፣ ስሙ የተገኘው ከአራት ሚናዎች የእንግሊዝኛ መነሻ ፊደላት ነው። ተግባራቱ ወደ ታች፣ የሥራ መደቦቹ ወደ ጎን ይደረደራሉ፤ በሚገናኙበት ሳጥን ውስጥም ሥራውን የሚሠራው ፈጻሚ፣ ውሳኔውን የሚያጸድቀውና ለውጤቱ የሚጠየቀው ተጠያቂ፣ ከውሳኔ በፊት ሐሳቡን የሚሰጠው አማካሪ፣ ውሳኔው ካለቀ በኋላ የሚነገረው ደግሞ ተገላጭ ተብሎ ይሞላል። ፈጻሚዎች ብዙ ሊሆኑ ይችላሉ። ተጠያቂ ግን በአንድ ረድፍ ከአንድ አይበልጥም።

ይህ ደንብ ከሌሎች ተቋማት ይልቅ በሆስፒታል ይፈተናል። የኤሌክትሮኒክ ሕክምና መዝገብ ሲተከል የካርድ ክፍሉ፣ ላቦራቶሪው፣ ፋርማሲውና የነርሶች ክፍል በአንድ ሶፍትዌር ላይ ይገናኛሉ፤ በጀትና ግዥ በዋና ሥራ አስኪያጁ በኩል፣ የሕክምና ውሳኔ ደግሞ በሜዲካል ዳይሬክተሩ በኩል ይሄዳል። ሁለቱ መስመሮች በሚነካኩበት ቦታ ሁሉ መደራረብ ይፈጠራል፤ ጎልቶ ከሚታይባቸው ሥራዎች አንዱም ሐኪሙ ማዘዣ ሲጽፍ የሚመርጥበትን የመድኃኒት ዝርዝር ማዘጋጀት ነው።

በአንድ አጠቃላይ ሆስፒታል የተሞላ የመጀመሪያ ረቂቅ ምን እንደሚመስል በምሳሌ እንየው። «የመድኃኒት ዝርዝር ማዘጋጀት» በሚለው ረድፍ የፋርማሲ ኃላፊውም፣ የአይሲቲ ኃላፊውም ተጠያቂ ተብለዋል፤ የመድኃኒትና ሕክምና ኮሚቴም በሦስተኛነት ተጨምሯል። ሁሉም አሳማኝ ምክንያት አላቸው፤ ይሁን እንጂ ለሕፃናት የሚታዘዘው የፓራሲታሞል ሽሮፕ በ5 ሚሊ ሊትር 120 ሚሊ ግራም መሆኑ ቀርቶ በሌላ ጥንካሬ ቢመዘገብ፣ ወይም የመጠኑ መለኪያ ሚሊ ግራም መሆን ሲገባው ሚሊ ሊትር ቢሆን፣ ፋርማሲው የመረጃ አስገቢውን፣ አይሲቲው የተላከለትን የኤክሴል ፋይል፣ ኮሚቴው ደግሞ ሁለቱንም ይጠቁማል። መደራረቡን ቀድሞ ለማወቅ ቀላሉ መንገድ ለእያንዳንዱ ባለድርሻ ለብቻው «በዚህ ረድፍ ስህተት ቢገኝ የሚጠየቀው ማን ነው?» ብሎ መጠየቅ ነው። መልሶቹ ከተለያዩ፣ በስብሰባ ላይ የተገኘው ስምምነት ከወረቀት አያልፍም ማለት ነው።

መፍትሔው ከሦስቱ አንዱን በድምፅ ብልጫ መምረጥ አይደለም። አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ተጠያቂ የተጻፈበት ረድፍ ሁለት ውሳኔዎችን የደበቀ ረድፍ ስለሆነ ይከፈላል። የመድኃኒቱን ስም፣ ጥንካሬ፣ የአሰጣጥ መንገድና መለኪያ ማጽደቅ አንድ ረድፍ ይሆንና የፋርማሲ ኃላፊው ይጠየቅበታል። የጸደቀውን ፋይል ሳይቀየር ወደ ሥርዓቱ መጫን ሁለተኛ ረድፍ ሆኖ ለአይሲቲ ኃላፊው ይሰጣል፤ የሶፍትዌሩ አቅራቢ እዚህ ፈጻሚ ነው፣ ተጠያቂ ግን አይደለም፤ ምክንያቱም ግዴታው የሚመነጨው ከውሉ እንጂ ከሆስፒታሉ የሥልጣን ተዋረድ አይደለም። በሙከራ ሥርዓቱ ላይ የተለመዱ ማዘዣዎችን ጽፎ ውጤቱን ማረጋገጥ ሦስተኛው ነው፤ ተጠያቂው እንደገና የፋርማሲ ኃላፊው ሲሆን ሐኪሞችና ነርሶች በፈጻሚነት ይሳተፋሉ። ኮሚቴው አማካሪ ይሆናል። የሰዎች ስብስብ በጋራ ሲጠየቅ ማንም ስለማይጠየቅ፣ ኮሚቴው የግድ ወሳኝ መሆን ካለበት በሰንጠረዡ የሚገባው የሰብሳቢው የሥራ መደብ ነው።

የማይከፈል ረድፍም አለ፤ ሥርዓቱ ሥራ በሚጀምርበት ቀን «ይጀመር» ወይም «ይቁም» የማለት ውሳኔ። ሥራ አስኪያጁም ሜዲካል ዳይሬክተሩም ይገባናል የሚሉት ይህንን ነው። እንደዚህ ጸሐፊ እምነት፣ የሕሙማን ደኅንነት የማቆሚያ መስፈርቶች አስቀድመው በጽሑፍ ከሰፈሩ ውሳኔው ለሥራ አስኪያጁ ሊሰጥ ይችላል፤ ሜዲካል ዳይሬክተሩም መስፈርቱ ሲጣስ የማስቆም መብት ያለው አማካሪ ይሆናል። ይህ መብት በሰንጠረዡ ሳጥን ውስጥ ስለማይገለጽ ከሥር በማስታወሻ መጻፍ አለበት።

ሰንጠረዡ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ስለሚሆነው ነገርም ብዙ አይናገርም። ስህተት ያለበት መድኃኒት በተረኛ ፋርማሲስት እጅ ሲገኝ ኃላፊው ቤቱ ነው፤ ስለዚህ ተረኛው መድኃኒቱን ከዝርዝሩ ለጊዜው የማገድ ውክልና በጽሑፍ ይሰጠዋል፣ ተጠያቂነቱ ግን ከኃላፊው አይነሳም። ሌላው በቀላሉ የሚዘነጋው የፕሮጀክቱ መዝጊያ ነው። የፕሮጀክት አስተባባሪው ተጠያቂ የተባለባቸው ረድፎች እሱ ሲለቅ ባለቤት አልባ ስለሚሆኑ፣ ርክክቡ ከመፈረሙ በፊት እያንዳንዳቸው ወደ መደበኛ የሥራ ክፍል ኃላፊ መዛወር አለባቸው፤ አዲስ መድኃኒት ወደ ዝርዝሩ ማስገባትም ከእነዚሁ አንዱ ነው።