ቢራን ከአይብና ከቸኮሌት ጋር ማጣመር

ቢራን ከአይብ ወይም ከቸኮሌት ጋር ማጣመር ሲባል አንዱ የሌላውን ጣዕም እንዲያጎላ ወይም እንዲያለዝብ አድርጎ መምረጥ ማለት ነው። ምርጫው በመመሳሰል ወይም በተቃርኖ ይመራል፤ መመሳሰል በሁለቱም ውስጥ የሚገኘውን ተቀራራቢ ጣዕም ያገናኛል፣ ተቃርኖ ደግሞ በአንዱ የበዛውን በሌላው ያመጣጥናል። ከሁሉ አስቀድሞ ግን የጣዕማቸው ጉልበት ይመዘናል፤ ቀላል ቢራ ከጠንካራ አይብ ጋር ሲቀርብ ውሃ ውሃ ይላልና።

የአይብና የቢራ ዝምድና በግልጽ ከሚታይባቸው ቦታዎች አንዱ በደቡብ ቤልጅየም የሚገኘው የስኩርሞን ገዳም ነው። በ1850 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው ይህ የትራፒስት መነኮሳት ገዳም በ1862 ሺሜ የተባለውን ቢራ መጥመቅ፣ በ1876 ደግሞ አይብ መሥራት ጀመረ። ከአይቦቹ አንዱ ቅርፊቱ በዚያው ቢራ እየታጠበ ይበስላል፤ መመሳሰሉ ገና ከማዕዱ በፊት በሥራው ላይ ይጀምራል ማለት ነው። ያም ሆኖ እዚህም ተቃርኖ አለ። የአይቡ ስብ ምላስን ሲሸፍን፣ የቢራው ጋዝ አፍን አጥቦ ለሚቀጥለው ጉርሻ ያዘጋጃል፤ ወይን ጠጅ ስመ ጥር ቢሆንም አብዛኛው ይህ ጸጋ የለውም። አፍን የሚያጠራው በዋናነት ጋዙ ነው ወይስ ለቢራ መራራ ጣዕም የሚሰጠው ሆፕ የተባለ አበባ ምሬት በሚለው ላይ ግን ቀማሾች አንድ ሐሳብ የላቸውም።

የሁለቱ መንገዶች ልዩነት በይበልጥ የሚታወቀው አንድን ቸኮሌት ከሁለት ቢራዎች ጋር ሲቀምሱት ነው። 70 በመቶ ኮኮዋ ያለው ጥቁር ቸኮሌት ይወሰድ። ኢምፔሪያል ስታውት ከሚባለው ጠንካራ ጥቁር ቢራ ጋር ሲቀርብ መመሳሰል ይታያል፤ የኮኮዋው ፍሬም የቢራው ብቅልም የተቆሉ በመሆናቸው ተቀራራቢ የቡናና የካራሜል መዓዛ አላቸው፣ የስታውቱ ቀሪ ስኳርም የቸኮሌቱን ምሬት ይሸከማል። ያው ቸኮሌት በቼሪ ከተዘፈዘፈውና ክሪክ ከሚባለው የቤልጅየም ቢራ ጋር ሲቀርብ ግን ኮምጣጣነቱ የኮኮዋውን ቅቤ ሰንጥቆ ያልፋል፤ ቸኮሌቱም በፍራፍሬ እንደተሞላ ሆኖ ይጣፍጣል።

ስሕተቱ በአብዛኛው ከምሬትና ከሙቀት መጠን ይመጣል። ሆፕ የበዛበት ቢራ ከ85 በመቶ ቸኮሌት ጋር ሲገናኝ ምሬት በምሬት ላይ ይደራረባል፤ ከተዋጠ በኋላ ምላስ ላይ የሚቀረው ደረቅ መራራነት ብቻ ከሆነ ጥምረቱ አልሰመረም። በጣም ጣፋጭ የወተት ቸኮሌት ደግሞ ስኳር የሌለውን ስታውት ቀጭንና ኮምጣጣ ያስመስለዋል፤ ስለዚህ ቢራው ቢያንስ የቸኮሌቱን ያህል መጣፈጥ አለበት። የኮኮዋ ቅቤ የሚቀልጠው ወደ 34 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ በመሆኑ፣ በረዶ የመሰለ ቢራ አፍ ውስጥ ያረጋውና መዓዛውን ያፍነዋል። ስታውቱ ከ10 እስከ 13 ዲግሪ ቢሆን፣ ቸኮሌቱም በምላስ ላይ መቅለጥ ሲጀምር ቢራው ቢከተል ይመረጣል።