በቫንኩቨር ስልት የኢትዮጵያውያን ስም እንዴት ይጻፋል?

የሕክምና መጽሔቶች ዋቢ ጽሑፎችን ለመዘርዘር በሚጠቀሙበት የቫንኩቨር ስልት የቤተሰብ ስም ይቀድማል፤ የመጠሪያ ስም የመጀመሪያ ፊደል ያለ ነጥብና ያለ ነጠላ ሰረዝ ይከተላል። እኛ ግን ከራስ ስም ቀጥሎ የምንጽፈው የአባት ስም ነው። ስለዚህ አበበ ከበደ የተባለ ሐኪም በአንዱ ጽሑፉ Kebede A፣ በሌላው Abebe K ሆኖ ሊመዘገብ ይችላል።

የተዘበራረቀ የዋቢ ጽሑፎች ዝርዝር የሚያስተካክል ሰው ሁለቱን አንድ ለማድረግ መቸኮል የለበትም። ስሙ ከተገለበጠ አንባቢው ጽሑፉን በደራሲ ፈልጎ ያጣዋል፤ ይህ ደግሞ ከነጥብ ስሕተት እጅግ ይከፋል። የጽሑፉን ርእስ PubMed በተባለው የሕክምና ጽሑፎች የኢንተርኔት ማውጫ ፈልጎ እዚያ የሰፈረውን ስም መውሰድ ይሻላል። ወጥ መሆን ያለበት አጻጻፉ ነው፦ “Dr. Abebe, K.” የሚለው ማዕረጉ፣ ሰረዙና ነጥቦቹ ወጥተው Abebe K ይሆናል፤ ቅደም ተከተሉ ግን አይነካም።