የክብደት መመዝገቢያ ሺት፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ጎግል ሺትስ ወይም ኤክሴል ከፍቶ ክብደትን መመዝገብ ከባድ አይደለም። ችግሩ ፎርሙላው ሳይበላሽ ውጤቱ ሊሳሳት መቻሉ ነው። ሺቱ ያስገባችሁለትን ሁሉ አምኖ ያሰላል። ጓደኞችና ዘመዶች ሺታቸውን ሲያሳዩኝ ደጋግሜ የምሰማቸውን አባባሎች ነው እዚህ የማነሳው።

ለሁሉም አንድ ምሳሌ እንያዝ። ቁመቷ 164 ሴንቲ ሜትር የሆነች ሴት አለች እንበል። A ዓምድ ላይ ቀን፣ B ላይ ክብደት በኪሎ፣ C ላይ የወገብ ዙሪያ በሴንቲ ሜትር ትጽፋለች። D የሰባት ቀን አማካይ፣ E ቢኤምአይ፣ ማለትም ክብደትን ከቁመት ጋር የሚያነጻጽረው ቁጥር፣ F ደግሞ ወገብ ለቁመት ሲካፈል የሚወጣው ቁጥር ነው። ቁመቷ H1 ላይ አንድ ጊዜ ብቻ ይጻፋል። የመጀመሪያው ረድፍ ርዕስ ስለሆነ ሰኞ ረድፍ 2 ላይ፣ እሑድ ረድፍ 8 ላይ ይውላል።

«ያልተመዘንኩበት ቀን ላይ ዜሮ ብጽፍ ምን ችግር አለው? አንድ ቀን እኮ ነው።»

የሳምንቱ ክብደቷ ይህን ይመስላል፦ ሰኞ 71.8፣ ማክሰኞ 72.6፣ ረቡዕ 71.5፣ ዓርብ 72.1፣ ቅዳሜ 71.2፣ እሑድ 71.4። ሐሙስ አልተመዘነችም። የሐሙስ ሴል ባዶ ከሆነ ስድስቱ ቁጥሮች ተደምረው 430.6 ይሆናሉ። ለስድስት ሲካፈል 71.8 ገደማ ይወጣል። ዜሮ ከተጻፈበት ግን ያው 430.6 ለሰባት ይካፈልና አማካዩ 61.5 ይሆናል።

አሥር ኪሎ ጠፋ ማለት ነው። ቢኤምአይዋም ከ26.7 ወደ 22.9 ይወርዳል። አማካይ የሚያወጡት ፎርሙላዎች ባዶ ሴልን ይዘላሉ፣ ዜሮን ግን እንደ እውነተኛ ክብደት ይቆጥራሉ። ስለዚህ ያልተመዘናችሁበትን ቀን ባዶ ተዉት። «ትናንት ይህን ያህል ነበርኩ» ብላችሁ በግምትም አትሙሉት።

«አማካይ ለማውጣት የመጨረሻዎቹን ሰባት ረድፎች መምረጥ ይበቃል።»

በየቀኑ ለሚመዘንና አንድም ቀን ለማያልፈው ሰው ይበቃል። ብዙዎቻችን ግን የተመዘንበትን ቀን ብቻ ነው የምንጽፈው። በሳምንት ሁለት ጊዜ የሚመዘን ሰው ሰባት ረድፍ ሲመርጥ የሦስት ሳምንት ተኩል አማካይ ነው የሚያገኘው። ርዕሱ «የሰባት ቀን» ይላል፣ ቁጥሩ ግን የወሩን አብዛኛውን ክፍል ይዟል። በዚያ ጊዜ ውስጥ ክብደቱ ቢቀየር እንኳ ሺቱ ላይ የሚታየው ዘግይቶ ነው።

መፍትሔው ረድፍ መቁጠሩን ትቶ ቀኑን ማየት ነው። D8 ላይ ይህን ጻፉ፦

```
=IF(COUNTIFS(A:A,">"&A8-7,A:A,"<="&A8,B:B,">0")<4,"",
 AVERAGEIFS(B:B,A:A,">"&A8-7,A:A,"<="&A8,B:B,">0"))
```

የመጀመሪያው መስመር ባለፉት ሰባት ቀናት ስንት ጊዜ እንደተመዘናችሁ ይቆጥራል። ከአራት በታች ከሆነ ምንም አያሳይም። ሁለተኛው መስመር በነዚያው ቀናት ውስጥ ያሉትን ብቻ ወስዶ አማካይ ያወጣል። `">0"` የሚለው በስህተት የገባ ዜሮን ያስቀራል። አራት የሚለው የኔ ምርጫ ነው፤ በሁለት ምዝናዎች ላይ የቆመ አማካይን ስለማላምነው ነው። ለሌሎቹ ረድፎች ሴሉን ኮፒ አድርጉ፣ A8 የሚለው እንደየረድፉ ራሱ ይቀየራል።

ጀርመን፣ ጣሊያን ወይም ስዊድን ያላችሁ አንድ ነገር ልብ በሉ። በሺታችሁ ቅንብር ውስጥ አገሩ በዚያ ከተሞላ በፎርሙላው ውስጥ ያለው ኮማ በ`;` መተካት ሊኖርበት ይችላል። ክብደቱም 71,8 ተብሎ ይጻፋል። 71.8 ብትሉት እንደ ጽሑፍ ወይም እንደ ቀን ሊወስደው ይችላል።

«ቀኑን በኢትዮጵያ አቆጣጠር ብጽፈው ሺቱ ይገባዋል።»

አይገባውም። ይህ ስህተት ቶሎ ስለማይታይ ሰፋ አድርጌ ላስረዳው።

ሺቱ የሚያውቀው የፈረንጁን ወር ብቻ ነው። ጥቅምት 30ን «30/2/2018» ብላችሁ ስትጽፉ የካቲትን የሚመስለውን የፈረንጅ ሁለተኛ ወር፣ ማለትም ፌብሩዋሪ 30ን ይፈልጋል። እንዲህ ያለ ቀን የለም። ስለዚህ ጽሑፍ አድርጎ ይተወዋል፣ ያ ቀን ከአማካዩ ውስጥ ዝም ብሎ ይወጣል። ጳጉሜ ላይም እንዲሁ ነው፤ በፈረንጁ አሥራ ሦስተኛ ወር የለም። ሺቱ በአሜሪካ አጻጻፍ ከተሞላ ደግሞ ወሩ ይቀድማል። ያን ጊዜ ጳጉሜ 5 ብላችሁ የጻፋችሁት «5/13» ሜይ 13 ሆኖ ቁጭ ይላል፣ ምንም የስህተት ምልክት አይሰጥም።

ቀኑ በትክክል የተነበበ የሚመስልበት ጊዜም አለ። ከኅዳር 30 በኋላ የሚመጣው ታኅሣሥ 1 ነው፣ ልዩነቱ አንድ ቀን። ሺቱ ግን ኅዳርን ማርች አድርጎ ስለሚቆጥር መሃል ላይ ማርች 31ን ይጨምራል። ልዩነቱ ሁለት ቀን ይሆናል። አማካዩ የሚያየው የሰባት ቀን መስኮትም በዚያው ይዛባል።

ስለዚህ A ላይ የፈረንጁን ቀን ጻፉ። ኮምፒውተር ላይ ከሆናችሁ Ctrl እና `;` አንድ ላይ ሲጫኑ የዛሬውን ቀን ያስገባል። የኢትዮጵያውን ከፈለጋችሁ ሌላ ዓምድ ላይ «ጥቅምት 30» ብላችሁ በቃል ጻፉት፣ ፎርሙላው አይነካውም። ጾምና ፋሲካን ለማስታወስ እኔም ይህን ዓምድ እወደዋለሁ። የገባው እውነተኛ ቀን መሆኑን ለማረጋገጥ ባዶ ሴል ላይ `=ISNUMBER(A8)` በሉ። FALSE ካለ ጽሑፍ ነው። TRUE ካለ ግን ሴሉን ነክታችሁ ወሩ የትኛው እንደሆነ ደግሞ እዩ።

«ሚዛኑ ከትናንት ጨምሯል፣ አማካዩ ግን ቀንሷል። ፎርሙላው ተበላሽቷል።»

ፎርሙላው ደህና ነው። ወደ ምሳሌያችን እንመለስ። በሚቀጥለው ሰኞ 71.9፣ ማክሰኞ 72.0 መዘነች እንበል። ሚዛኑ በ0.1 ኪሎ ጨምሯል። አማካዩ ግን ሰኞ 71.78 የነበረው ማክሰኞ 71.68 ሆነ። ምክንያቱ ማክሰኞ 72.0 ሲገባ ያለፈው ማክሰኞ 72.6 ከመስኮቱ መውጣቱ ነው። አማካዩ የሚያወዳድረው የገባውን ከወጣው ጋር ነው፣ ከትናንቱ ጋር አይደለም።

ለዚህም ነው የዛሬን አማካይ ከትናንቱ አማካይ ጋር ማነጻጸር ብዙ የማይነግራችሁ። አብዛኞቹ ቁጥሮች የሁለቱም ናቸው። የዛሬውን ከሰባት ቀን በፊት ከነበረው አማካይ ጋር አነጻጽሩ፤ ያን ጊዜ ሁለቱ መስኮቶች አንድም ቀን አይጋሩም።

የቀን ተቀን መዋዠቁ በአብዛኛው ውኃ ነው። ሰውነት ስኳርን በጡንቻና በጉበት ሲያከማች ከሱ ጋር ብዙ ውኃ ይይዛል። ጨውም ውኃ ያቆያል። ከረጅም ጾም በኋላ በፋሲካ ማግስት ሚዛን ላይ ወጥታችሁ አንድ ወይም ሁለት ኪሎ ጨምሮ ብታዩ በአንድ ሌሊት ያን ያህል ስብ አልጨመራችሁም። የሆድ ዕቃችሁ ውስጥ ያለው ምግብም ይመዝናል። ከሽንት ቤት መልስ፣ ቁርስ ሳይቀመስ፣ ሁልጊዜ በዚያው ሚዛን መመዘን መዋዠቁን ይቀንሰዋል እንጂ አያጠፋውም።

«ቁመቴ መታወቂያዬ ላይ አለ፣ እሱን ልጻፍ።»

ቢኤምአይ ክብደት በኪሎ ለቁመት በሜትር ካሬ ሲካፈል ነው። ካሬ ስለሆነ የቁመት ስህተት ይሰፋል። የምሳሌያችን ሴት ጫማ አድርጋ ተለክታ 167 ቢጻፍላት ቢኤምአይዋ 26.7 መሆኑ ቀርቶ 25.7 ይሆናል። በሦስት ሴንቲ ሜትር አንድ ሙሉ ነጥብ ሄደ። ጫማ አውልቃችሁ፣ ተረከዝና ጀርባ ግድግዳ አስጠግታችሁ፣ ጭንቅላት ላይ መጽሐፍ አግድማችሁ ሌላ ሰው ይለካችሁ።

ቢኤምአይውን ከየቀኑ ክብደት ሳይሆን ከአማካዩ E8 ላይ አውጡት፦

```
=IF(D8="","",D8/($H$1/100)^2)
```

በፓውንድ የምትመዘኑ መጀመሪያ ለ2.2046 አካፍላችሁ ወደ ኪሎ ቀይሩት።

«ወገብ ማለት ሱሪ የሚታሰርበት ቦታ ነው።»

ሱሪ የሚታሰረው እንደ ሱሪው ነው፤ ዘንድሮ ከፍ፣ ከርሞ ዝቅ ይላል። የሚለካው በመጨረሻው የጎን አጥንትና በዳሌ አጥንት አናት መካከል ያለው አጋማሽ ነው። ሁለቱንም በጣት ዳሱና መሃሉን ያዙ። ሜትሩ ዙሪያውን እኩል ይሁን፣ ቆዳውን አይጫን። ሆድ አትሳቡ፤ በተለመደው ሁኔታ ተንፍሳችሁ ስትጨርሱ አንብቡ። ሁለት ጊዜ ለኩ፣ ልዩነቱ ከአንድ ሴንቲ ሜትር ካለፈ እንደገና ጀምሩ።

ሴትየዋ እንዲህ ስትለካ 86 ሴንቲ ሜትር ወጣ። 86 ለ164 ሲካፈል 0.52 ነው። ሱሪው የሚታሰርበት ላይ ስትለካ 80 ቢወጣ ደግሞ 0.49 ይሆናል። ለጤና አደጋ የሚሰጠው ወሰን 0.5 ላይ ስለሆነ የሜትሩ ቦታ ብቻ ውጤቱን ወደ ሌላኛው ወገን ያሻግረዋል። F8 ላይ ይህን ጻፉ፦

```
=IF(C8="","",C8/$H$1)
```

የልብስ ሰፊ ሜትር ብዙ ጊዜ በአንድ ወገን ሴንቲ ሜትር፣ በሌላው ኢንች አለው። F ላይ 0.2 ገደማ ካያችሁ ወገቡን በኢንች አንብባችኋል ማለት ነው። ወገብ በሳምንት አንድ ጊዜ ይበቃል፣ የሰባት ቀን አማካይም አያስፈልገውም።

«ቢኤምአይ 25 ካለፈ ወፍራም ነው፣ ለሁሉም ሰው።»

18.5፣ 25 እና 30 የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂዎች የሚጠቀምባቸው ወሰኖች ናቸው። ለልጆችና ለነፍሰ ጡሮች አይሆኑም። ብዙ ጡንቻ ያለውን ሰው ከብዙ ስብ አይለዩም። እንግሊዝ አገር ደግሞ ናይስ የሚባለው የጤና መመሪያ አውጪ ተቋም ለጥቁር አፍሪካውያንና ለእስያውያን ቤተሰቦች 23 እና 27.5ን ይጠቀማል፤ ስኳር በሽታና የልብ ችግር በዝቅተኛ ቢኤምአይ ስለሚጀምራቸው ነው። ለንደን ያለ ዘመዳችሁ «ሐኪሜ 23 አለኝ» ቢላችሁ ሐኪሙ አልተሳሳተም። ይኸው ተቋም በ2022 ቢኤምአያቸው ከ35 በታች ለሆኑ አዋቂዎች ወገባቸው ከቁመታቸው ግማሽ እንዳያልፍ መክሯል። ከ0.5 እስከ 0.59 አደጋው የጨመረ፣ 0.6ና ከዚያ በላይ ከፍተኛ ይባላል።

ስለዚህ ወሰኖቹን ፎርሙላው ውስጥ አትቅበሩ። H2 ላይ 18.5፣ H3 ላይ 25 ወይም 23፣ H4 ላይ 30 ወይም 27.5 ጻፉና G8 ላይ ያለው ፎርሙላ ከዚያ ያንብብ፦

```
=IF(E8="","",IF(E8<$H$2,"ዝቅተኛ",IF(E8<$H$3,"መደበኛ",
 IF(E8<$H$4,"ከመደበኛ በላይ","ከፍተኛ"))))
```

ሐኪማችሁ ሌላ ወሰን ከነገራችሁ አንዱን ሴል ብቻ ትቀይራላችሁ፣ ያለፉት ወራት ረድፎች በሙሉ አብረው ይስተካከላሉ።