የደጉ ኮሌስትሮል ቁጥር ሲጨምር ልብ ለምን አልዳነም?

ሰሞኑን ጎንደር፣ ፒያሳ ቡና እየጠጣን አጎቴ ከኮታቸው ኪስ አራት ቦታ የታጠፈ የላብራቶሪ ወረቀት አወጡ። ጠቅላላ ኮሌስትሮል 267፣ ክፉው የሚባለው ኤልዲኤል 165፣ ደጉ የሚባለው ኤችዲኤል 78፣ ትራይግሊሰራይድ የተባለው ስብ 120። «ክፉው ቢበዛም ደጉ 78 ነው፤ እሱ ይከላከልልኛል» አሉኝ። ጠላም ደጉን ያሳድጋል ብለው ዛሬም አልተዉትም። እውነት ነው፣ አልኮል ኤችዲኤልን ከፍ ያደርጋል። ልብን ማዳኑ ግን ሌላ ጉዳይ ነው።

በዚህ ሐሳብ የተሸወዱት አጎቴ ብቻ አይደሉም፤ ትልልቅ የመድኃኒት ኩባንያዎችም አብረው ተሸውደዋል። ነገሩ የጀመረው አሜሪካ ውስጥ ፍራሚንግሃም በምትባል ከተማ በተደረገ ጥናት ነው። በ1970ዎቹ ኤችዲኤላቸው ከፍ ያለ ሰዎች የልብ ሕመም እንደሚያንሳቸው ታየ። እንግዲያው ቁጥሩን በመድኃኒት ብናሳድገው በሽታው ይቀንሳል ተባለ።

ደማችን ውስጥ ሲኢቲፒ የሚባል ፕሮቲን አለ። ሥራው ኮሌስትሮልን ከኤችዲኤል ተቀብሎ ለኤልዲኤልና ለዘመዶቹ ማቀበል ነው። ይህን ብታግደው ኤችዲኤል የያዘውን ይዞ ይቀራል፣ ቁጥሩም ያብጣል። ቶርሴትራፒብ የተባለው መድኃኒት ወደ 15,000 ሰዎች ላይ ሲሞከር ኤችዲኤልን በ72 በመቶ ከፍ አደረገ፣ ኤልዲኤልንም በ25 በመቶ ቀነሰ። በወረቀት ላይ ከዚህ የተሻለ ምን ይመጣል? ግን እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2006 ሙከራው በድንገት ቆመ፤ መድኃኒቱን ከወሰዱት መካከል የሞቱት ካልወሰዱት በልጠው ነበር።

መድኃኒቱ የደም ግፊትንም ይጨምር ስለነበር ብዙዎች «ጥፋቱ የመድኃኒቱ እንጂ የሐሳቡ አይደለም» አሉ። ያስኬዳል። ከዚያ ኢቫሴትራፒብ መጣ፤ 12,000 ገደማ ሰዎች ላይ ኤችዲኤልን ከእጥፍ በላይ አደረገው፣ ግፊቱም ያን ያህል አልነበረም፣ ሆኖም በ2015 ምንም ጥቅም የለውም ተብሎ ቆመ። አናሴትራፒብ ብቻ በ2017 የልብ ሕመም አደጋን በ9 በመቶ ቀነሰ። እሱም ቢሆን ክፉውን ኮሌስትሮል ስለቀነሰ እንጂ ደጉን ስላሳደገ አይመስልም።

ሐሳቡን ራሱን የጎዳው ግን የዘረመል ጥናት ነው። አንዳንድ ሰው በተፈጥሮው፣ ከተወለደ ጀምሮ፣ ኤችዲኤሉ በ5 ሚሊግራም ገደማ ከፍ የሚልበት የዘረመል ልዩነት አለው። ቁጥሩ ራሱ የሚጠብቅ ቢሆን እነዚህ ሰዎች ሃርት አታክ ሊቀንስላቸው ይገባ ነበር። በ2012 ሲታይ አልቀነሰላቸውም።

ታዲያ ደጉ ምኑ ላይ ነው ደግ? ከፒያሳ ወደ አዘዞ የሚሄድ ታክሲ አስቡ። ኤችዲኤል ባዶውን መጥቶ በደም ቧንቧ ግድግዳ ውስጥ ኮሌስትሮል ከታጨቀባቸው ሴሎች ተሳፋሪ ያነሳል፤ ጭኖ ጉበት ላይ ያራግፋል። ላብራቶሪው የሚቆጥረው ደም በተቀዳበት ቅጽበት ታክሲዎቹ ውስጥ የተቀመጠውን ሰው ነው። ስንት ሰው እንደተመላለሰ አይነግርህም። አዘዞ ላይ በሩ ተበላሽቶ ማንም ባይወርድ ታክሲው ሁሉ ሞልቶ ይታያል፣ ሥራው ግን ቆሟል። ይህ ምሳሌ ብቻ አይደለም። በ2016 የታተመ ጥናት ጉበት ላይ ያለው የማራገፊያ በር በዘር የተበላሸባቸው ሰዎች ኤችዲኤላቸው ከፍ ብሎ፣ የልብ ሕመማቸውም በዝቶ አግኝቷል።

የሥራውን መጠን መለካት ይቻላል። ማክሮፋጅ የተባሉትን፣ እነዚያኑ ግድግዳ ውስጥ ኮሌስትሮል የሚታጨቅባቸውን ሴሎች ሳህን ላይ አሳድገህ ምልክት የተደረገበት ኮሌስትሮል ታጎርሳቸዋለህ። ከዚያ ኤልዲኤሉ የወጣለትን የታካሚውን ሴረም፣ ማለትም ከደሙ የተለየውን ጠራ ያለ ፈሳሽ፣ ትጨምራለህ፣ ጥቂት ሰዓት ትጠብቃለህ፣ ስንት ኮሌስትሮል እንደወጣ ትለካለህ። በ2014 የዳላስ ነዋሪዎች ላይ በታተመ ጥናት፣ ሴረማቸው ኮሌስትሮል በደንብ የሚያወጣው ሩብ ያህል ሰዎች ከመጨረሻዎቹ ሩብ ጋር ሲነጻጸሩ የልብ ሕመም አደጋቸው በ67 በመቶ ያንስ ነበር። የኤችዲኤል ቁጥሩ ግን ሌሎቹ ምክንያቶች ከተቆጠሩ በኋላ ምንም አልተናገረም።

ቸኩዬ ግን አልደሰትም። ምርመራው ሕያው ሴል ስለሚፈልግ ተራ ላብራቶሪ አይሠራውም። ደግሞ በ2024 ይህንኑ የማውጣት አቅም የሚያሳድግ የኤችዲኤል ፕሮቲን በቅርቡ ሃርት አታክ ለያዛቸው 18,000 ገደማ ሰዎች በደም ሥር ተሰጥቶ፣ በ90 ቀን ውስጥ አስተማማኝ ልዩነት አልታየም።

አጎቴን ወረቀቱን ተቀብዬ 78ቱን በአውራ ጣቴ ሸፈንኩት። «ከ267 ላይ ይህን ይቀንሱ» አልኳቸው። 189። ኤልዲኤልና ዘመዶቹ የያዙት፣ የቧንቧውን ግድግዳ የሚያስቸግረው ያ ነው፤ 78ቱ ደግሞ የእሱን ጉዳት ቅንጣት አይቀንስም። ዝም ብለው ወረቀቱን አጣጠፉና «ለሐኪሙ የትኛውን ልበለው ታዲያ?» አሉ። እስክሪብቶ አውጥቼ ጀርባው ላይ 189 ጻፍኩላቸው፣ ከሥሩም የደም ግፊት የሚሞላበት ባዶ ቦታ ተውኩ።