ቤት መቆየት ወይስ መውጣት፦ የፎቅ ቤት እሳትና የግሬንፌል ሌሊት

ከበታችዎ ባለ ፎቅ እሳት ተነስቷል። እርስዎ ቤት ግን ጭስ የለም። ምን ያደርጋሉ? እንግሊዝ ውስጥ ለረጅም ጊዜ የተለመደው መልስ አንድ ነው፦ በር ዘግተው ቤትዎ ይቆዩ። ለሰሚው ግራ ይገባል። እሳት እያለ ማን ቁጭ ይላል?

ምክሩ ግን ያለ ምክንያት አልመጣም። እያንዳንዱ አፓርታማ እንደ ተዘጋ ሳጥን ታስቦ ይሠራል። ወለሉና ግድግዳው እሳትን ለአንድ ሰዓት ያህል እንዲያግዱ፣ የቤቱ በር ደግሞ ለ30 ደቂቃ እንዲቋቋምና ራሱን እንዲዘጋ ይጠበቃል። እሳቱ በተነሳበት ቤት ተወስኖ ሲቀር፣ የእሳት አደጋ ሠራተኞች እዚያው ያጠፉታል። ሌላው ነዋሪ ከወጣ ጭስ ካለበት ኮሪደር ይገባል፤ ሠራተኞቹ ቱቦ ይዘው በሚወጡበት ጠባብ ደረጃ ላይም ይጋፋል። እንዲህ ባሉ ሕንፃዎች ሁሉንም ነዋሪ የሚቀሰቅስ የጋራ ደወል ብዙ ጊዜ የማይገጠመውም ለዚህ ነው።

በሌላ አነጋገር ምክሩ የሚሠራው ሕንፃው ቃሉን ሲጠብቅ ነው። ለንደን የሚገኘው ግሬንፌል ታወር ቃሉን አልጠበቀም። የሕንፃው 24 ፎቆች 129 ቤቶች ነበሯቸው። መውጫው አንድ ደረጃ ብቻ ነበር፤ ስፋቱም ከአንድ ሜትር ብዙም አይበልጥም። ከነዋሪዎቹ መካከል ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያን ቤተሰቦችም ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ2016 በተጠናቀቀው እድሳት ግንቡ ከውጭ በአሉሚኒየም ንጣፎች ተሸፈነ። ከሁለቱ ቀጫጭን አሉሚኒየሞች መካከል ያለው ግን ፖሊኤትሊን ነው። የሚነድ ፕላስቲክ ማለት ነው።

ሰኔ 14 ቀን 2017 እ.ኤ.አ. ሌሊት 6 ሰዓት ከ54 ላይ (ሰዓቱን በእኛ አቆጣጠር ነው የምጽፈው) 4ኛ ፎቅ ላይ እሳት መነሳቱን የሚገልጽ ስልክ ተደወለ። መነሻው ወጥ ቤት ውስጥ የነበረ ፍሪጅ ነው። ሠራተኞቹ በደቂቃዎች ውስጥ ደርሰው ወጥ ቤቱን ማጥፋት ጀመሩ። እሳቱ ግን በመስኮቱ በኩል አምልጦ የውጭ ንጣፎቹን ይዞ ነበር። 7 ሰዓት ተኩል ሳይሞላ የሕንፃው አናት ላይ ደረሰ። ከዚያ ጎን ለጎን ሕንፃውን ከበበና በየመስኮቱ ተመልሶ ወደ ቤቶቹ ገባ። «ሳጥን» የሚባል ነገር ከዚያ በኋላ የለም።

የስልክ ተቀባዮቹ ምክር ግን አልተቀየረም። ለሚደውሉ ሰዎች ቤታችሁ ቆዩ ይሏቸው ነበር። ምክሩ በይፋ የተሻረው 8 ሰዓት ከ47 ላይ ነው። አጣሪ ኮሚሽኑ በ2019 ባወጣው ሪፖርት ነዋሪዎቹ ከ7 ሰዓት ተኩል እስከ 7 ሰዓት ከ50 ባለው ጊዜ ውስጥ እንዲወጡ መታዘዝ ነበረባቸው ብሏል። በእሳቱ 72 ሰዎች ሞቱ። ያ የአንድ ሰዓት መዘግየት ከባድ ነው። በእርግጥ አዛዦቹ እንዲህ ያለ ሕንፃ ሙሉ በሙሉ ለማስወጣት አልሠለጠኑም፤ ሁሉንም የሚጠራ ደወልም አልነበራቸውም። ግን አንርሳ፦ ከግሬንፌል 8 ዓመት ቀደም ብሎ፣ እ.ኤ.አ. በ2009፣ እዚያው ለንደን ላካናል ሃውስ በተባለ ሕንፃም እሳት ከፎቅ ወደ ፎቅ ተዛምቶ 6 ሰዎች ሞተዋል።

ታዲያ ነዋሪ በምን ይለያል? ራሱ ቤት ከሆነ የሚነደው፣ ክርክር የለም፤ ሁሉም ይወጣል፣ በሩን ይዘጋል፣ ውጭ ሆኖ ይደውላል። ሌላ ቦታ ከሆነ ደግሞ ዋናው ጥያቄ «ወደ እኔ እየመጣ ነው ወይ?» ነው። ጭስ ወይም ሙቀት ቤትዎ ከገባ፣ ወይም ሠራተኞች ውጡ ካሉ፣ ይውጡ። ነበልባል በውጭ ግድግዳ ላይ ሲወጣ ካዩ ምክሩ የቆመበት መሠረት ፈርሷል፤ ደረጃው ገና ንጹሕ ሳለ ነው መሄድ። ስጋት ያደረበት ሰውም ቢወጣ ማንም አይከለክለውም። «ቆዩ» ምክር እንጂ እስር አይደለም። ሊፍት ግን አይነካም።

የሚያስቸግረው ዘግይቶ የወሰነ ሰው ነው። በሩን በእጅዎ ጀርባ ሲነኩት ከጋለ፣ ወይም ኮሪደሩ በጥቁር ጭስ ከተሞላ፣ መውጣቱ ከመቆየቱ ሊብስ ይችላል። ያኔ ከጭሱ የራቀ መስኮት ያለው ክፍል ገብቶ በር መዝጋት፣ ከበሩ ሥር ያለውን ክፍተት በእርጥብ ፎጣ መድፈንና መደወል ነው። ሲደውሉ የቤት ቁጥር፣ ፎቅ፣ ስንት ሰው እንዳለና ጭሱ የት እንደደረሰ ይንገሩ። ሁኔታው ሲለወጥ ደግመው ይደውሉ፤ የቀድሞው ምክር ለቀድሞው ሁኔታ ነው።

የግሬንፌል ሌላ ጉድ በሮቹ ናቸው። ፖሊስ ከዚያው ሕንፃ የወሰደውን በር ሲያስፈትሽ 30 ደቂቃ መቆየት ሲገባው 15 ደቂቃ አካባቢ ላይ ወደቀ። አንዳንዶቹ ራሳቸውን የሚዘጉበት መሣሪያ አልነበራቸውም፤ ሰው ሲሸሽ በሩ ክፍት ይቀርና ጭሱ ወደ ኮሪደሩ ይፈሳል። ይህን ማንም ቤቱ ሊሞክረው ይችላል፦ በሩን በትንሹ ከፍተው ይልቀቁት። መቆለፊያው ድረስ በራሱ ካልተዘጋ፣ ለቤቱ አስተዳደር በጽሑፍ ያሳውቁ። በእንግሊዝ ከ11 ሜትር በላይ በሆኑ የመኖሪያ ሕንፃዎች የጋራ ቦታዎች ላይ ያሉ የእሳት በሮች ከ2023 ጀምሮ በየሦስት ወሩ መፈተሽ አለባቸው። ከ18 ሜትር በላይ የሚሆኑ አዳዲስ የመኖሪያ ሕንፃዎች ደግሞ ከመስከረም 2026 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ጀምሮ ሁለት ደረጃ እንዲኖራቸው ተወስኗል። ነባሮቹ ባለ አንድ ደረጃ ሕንፃዎች ግን እንደዚያው ይቀጥላሉ።